ቦርዱ ላይ ሁሉም ነገር ተጀምሯል፣ የሚያልቅ ግን የለም። ገደቡን ስንት እናድርገው?

ሰላም_ፕሮጀክት

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሶፍትዌር ቡድን ሥራ አስተባብራለሁ። አምስት ዴቨሎፐሮች፣ አንድ ቴስተርና እኔ ነን። ጂራ ላይ ካንባን ቦርድ አለን። አምዶቹ «ዝግጁ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «ሪቪው»፣ «ቴስት» እና «ያለቀ» ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ካርዶቹን ቆጠርኳቸው። «በሥራ ላይ» 14፣ «ሪቪው» 6፣ «ቴስት» 7። በድምሩ 27 የተጀመረ ሥራ አለን። በሳምንት የሚያልቅልን ግን 4 ወይም 5 ነው። ደንበኛው «ያ ነገር የት ደረሰ?» ባለ ቁጥር መልሴ «እየተሠራ ነው» ነው። ውሸት አይደለም፣ እየተሠራ ነው። ግን አያልቅም።

በየአምዱ በአንድ ጊዜ በሚቀመጠው የካርድ ብዛት ላይ ገደብ ማድረግ እንዳለብን ገብቶኛል። የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ ስንት ይሁን? ሁለተኛ፣ አምዱ ሞልቶ አንዱ ልጅ ሥራውን ቢጨርስ ምን ይሥራ? አለቃችን ሰው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት አይወድም። ይህን ካልመለስኩለት ሐሳቡን አይቀበለኝም።

ቢኒ_ዴቭ

ቀላል ነው። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ። አምስት ዴቨሎፐር ካላችሁ ገደቡ 5 ነው። የያዘውን ያልጨረሰ ሌላ አይነካም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። እኛ ጋ እንዲህ ነው የምንሠራው፣ «በሥራ ላይ» የሚለው አምዳችን ሁሌም ንጹህ ነው።

ፍሰት

ቢኒ፣ «በሥራ ላይ» አምዳችሁ ንጹህ መሆኑ ጥሩ ነው። «ሪቪው»ስ? እሱ ገደብ አለው?

ቢኒ_ዴቭ

የለውም። አሁን ስታነሳው አየሁት፣ 11 ካርድ አለ። ግን ይሄ የዴቨሎፐሮቹ ጥፋት አይደለም። ሪቪው የሚያደርጉት ሁለት ሲኒየሮች ብቻ ስለሆኑ ነው።

ፍሰት

ጥፋት የማን ነው የሚለውን እንተወው። የሆነው ግን ይህ ነው፦ የናንተ ገደብ ሥራውን አላስጨረሰም፣ ክምሩን ወደ ቀጣዩ አምድ ነው የገፋው። ዴቨሎፐሩ ካርዱን ወደ «ሪቪው» ሲወረውር እጁ ባዶ ይሆናል፣ አዲስ ይጀምራል። ሪቪው የሚጠብቀው ካርድ ከሳምንት በኋላ አስተያየት ይዞ ሲመለስ ልጁ ኮዱን ረስቶታል። አሁን ሁለት ሥራ ይዟል፣ ቦርዱ ላይ የሚታየው ግን አንድ ነው።

የአንድ ሰው ገደብ ሌላም ችግር አለው። ሰው «የኔ ካርድ» ብቻ ያያል። ገደቡ የአምዱ ሲሆን ግን ሪቪው መሙላቱ የሁሉም ጉዳይ ይሆናል።

ሰላም፣ ወዳንቺ ልመለስ። ከቁጥሩ በፊት አለቃሽ ፊት የምታስቀምጪውን ስሌት ልስጥሽ። ጆን ሊትል በፈረንጆቹ 1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ነው። አንድ ካርድ ከተጀመረ እስኪያልቅ በአማካይ የሚፈጀው ጊዜ፣ የተጀመሩት ካርዶች ብዛት በሳምንት ለሚያልቁት ሲካፈል ነው። ያንቺ 27 ለ4.5 ሲካፈል 6 ሳምንት ይመጣል። ዛሬ የተጀመረ ሥራ በአማካይ ከ6 ሳምንት በኋላ ነው ደንበኛው እጅ የሚገባው። ሥራው ራሱ ሁለት ቀን የሚፈጅ ሊሆን ይችላል። የቀረው ጊዜ ወረፋ ነው።

የልጆቹ ፍጥነት ምንም ሳይጨምር የተጀመረውን ወደ 11 ብታወርጂው 11 ለ4.5 ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ነው። ማንም ተጨማሪ ሰዓት ሳይሠራ። ይህንን አሳዪው።

ጥንቃቄ ግን አለው። ስሌቱ ስለ አማካይ ነው የሚናገረው። ለአንድ የተወሰነ ካርድ ቀን ቆርጠሽ እንዳትሰጪበት። ደግሞም የሚሠራው የሚገባውና የሚወጣው በረጅም ጊዜ ሲመጣጠን፣ ካርድም መሀል ላይ ተረስቶ የማይቀር ከሆነ ነው።

ሰላም_ፕሮጀክት

6 ሳምንት የሚለው በጣም አስደነገጠኝ፣ ምክንያቱም ትክክል ነው። ደንበኛው የሚያማርረው ልክ ይህንኑ ነው። ታዲያ 11 እንዴት ይከፋፈል?

ፍሰት

«በሥራ ላይ» 5፣ «ሪቪው» 3፣ «ቴስት» 3። ቁጥሩ መነሻ ነው፣ ታስተካክሊዋለሽ። ግን ለምን 3 እንዳልኩ ልንገርሽ።

ቴስተራችሁ አንድ ሰው ነው። «ቴስት» ላይ ያሉት 7 ካርዶች በሙሉ እየተፈተሹ አይደለም። አንዱ እየተፈተሸ ነው፣ ስድስቱ ተሰልፈዋል። አንድ በእጁ፣ አንድ ከኋላው ተዘጋጅቶ፣ አንድ ደግሞ እንከን ተገኝቶበት ከዴቨሎፐር መልስ የሚጠብቅ። ሦስት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ማስገባት እሱን አያፈጥነውም።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ማክሰኞ ቀን እንዲህ ሆነ እንበል። «ቴስት» 3 ከ3፣ «ሪቪው» 3 ከ3፣ «በሥራ ላይ» 5 ከ5። አንዷ ልጅ የክፍያ ገጹን ጨረሰች። ወደ ሪቪው ልታሳልፈው አትችልም፣ ሞልቷል። ካርዷ «በሥራ ላይ» ይቆያል፣ ስለዚህ አዲስ መጀመርም አትችልም። ቦርዱ ቆመ። ያኔ ከቀኝ ወደ ግራ ታያለች። መጀመሪያ ቴስት፦ ቴስተሩ ለምን ቆመ? ከሦስቱ አንዱ የሙከራ ዳታ ስለሌለው ከሆነ እሷ ዳታውን ታዘጋጅለታለች። ቀጥላ ሪቪው፦ ካልተነበቡት አንዱን ታነብባለች። ሁለቱም የማይሆን ከሆነ የቴስተሩን ሥራ የሚያቀል ነገር ትሠራለች። በየጊዜው በእጁ የሚደጋግመውን ፍተሻ በኮድ መጻፍ ለምሳሌ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው። የማይፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከ«ዝግጁ» አዲስ ካርድ መሳብ።

ቀኑን ሙሉ ምንም የምታግዘው ከጠፋ ደግሞ ብትቀመጥ ይሻላል። አለቃሽ ይህን እንደማይወድ አውቃለሁ። ግን እሷ የምትጀምረው ስድስተኛ ካርድ መጨረሻው እዚያው ቴስተሩ በር ላይ መሰለፍ ነው።

አቤል77

ይቅርታ፣ አልተዋጠልኝም። እኛ ወደ 200 የሚጠጋ ሥራ ተመዝግቦ ይጠብቃል። ገደብ 11 ካደረግን የቀረውን ለደንበኛው «አንቀበልም» ልንለው ነው? ኮንትራት ፈርመናል እኮ።

ፍሰት

አይ አቤል፣ ገደቡ ለተጀመረው ነው። 200ው «ዝግጁ» ላይ ወይም ከዚያም በፊት ይቀመጥ፣ ማንም አይነካውም። ያልተጀመረ ሥራ ማንንም አያዋክብም። ሪቪው አይጠይቅም፣ ከሌላ ሰው ኮድ ጋር አይጋጭም፣ ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይርም ኪሳራ የለውም። ለደንበኛው የምትለው «ይህን አንሠራም» ሳይሆን «ቀጥሎ የቱ ይግባ?» ነው።

ዳዊት_ሲያትል

እዚህ ሲያትል አካባቢ የሚታወቅ ታሪክ አለ፣ ሰላም ለአለቃዋ ከጠቀማት። በፈረንጆቹ 2004 ማይክሮሶፍት ውስጥ ሕንድ ሃይደራባድ ላይ የተቀመጠ አንድ ትንሽ የጥገና ቡድን ነበር። አንድ የለውጥ ጥያቄ እስኪያልቅ 5 ወር ገደማ ይፈጅ ነበር። ዴቪድ አንደርሰን የሚባለው ሰው ገብቶ ካማከራቸው በኋላ ወደ ሳምንታት ወረደ። ካንባንን ከፋብሪካ ወደ ሶፍትዌር በማምጣት የሚታወቀው እሱ ነው።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር ግን አለ። ገደቡ ብቻውን አልነበረም። ዴቨሎፐሮቹ ለእያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ «ስንት ቀን ይፈጃል» እያሉ ግምት ሲሠሩ ብዙ ጊዜያቸው ያልቅ ነበር። ያንን ተዉት። ስለዚህ ሰላም፣ ልጆችሽ ካርድ የሌለው ምን ሥራ እንደሚሠሩ እዪ። ግምት፣ ስብሰባ፣ የደንበኛ ስልክ። ቦርዱ ላይ የማይታይ ሥራ ገደቡን ባዶ ያደርገዋል።

ማኅደር_ኪውኤ

እኔ ቴስተር ነኝ፣ ለብቻዬ ለስድስት ዴቨሎፐር። ፍሰት የሚለው ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ገደብ ስናደርግ ዴቨሎፐሮቹ ሪቪውና ቴስት እንዳይሞላባቸው ካርዱን ትልቅ ማድረግ ጀመሩ። «የመግቢያ ገጽ»፣ «የይለፍ ቃል መቀየሪያ» እና «የመገለጫ ገጽ» ሦስት የነበሩት «የተጠቃሚ ሥራዎች» የሚባል አንድ ካርድ ሆኑ። ቁጥሩ 3 ከ3 ነው፣ ሥራው ግን የዘጠኝ ያህል። እኔ ጋ ሲደርስ አንዱ ክፍል ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይመለሳል።

አሁን ደንባችን አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ ተፈትሾ የሚለቀቅ እንዲሆን ነው። ካልሆነ «ዝግጁ» ላይ እያለ ይከፋፈላል። ከተጀመረ በኋላ አይደለም።

ፍሰት

ማኅደር፣ በጣም ትክክል። ይህን ማንሳት ነበረብኝ። የካርዱ መጠን ካበጠ ገደቡ ምንም አይገድብም።

ሮቤል_ጂራ

ቦርዱን በማስተካከል በኩል ላግዝ። በ`Board settings` ውስጥ `Columns` ጋ ገብታችሁ ለየአምዱ `Max` ቁጥር ታስገባላችሁ። ልብ በሉ፣ ጂራ አያግድም። ቁጥሩ ሲያልፍ አምዱ ይቀላል እንጂ ካርዱን መጎተት ይቻላል። ቀይ አምድ እያዩ ዝም ማለት ከተለመደ ገደብ የለም ማለት ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ። ንዑስ ሥራዎች የምትጠቀሙ ከሆነ ቆጠራው እነሱን እንዳያካትት ምረጡ፣ አለዚያ አንድ ካርድ ብቻውን አምዱን ይሞላዋል። «ለቴስት ዝግጁ» እና «እየተፈተሸ» የሚሉ ሁለት ስታተሶች ካሏችሁ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ አምድ ስር አስቀምጧቸው። ያኔ ገደቡን ይጋራሉ። ለየብቻ አምድ ከተሰጣቸው የወረፋው አምድ ያለ ገደብ ይቀርና ክምሩ እዚያ ይደበቃል።

ሳምንት ሙሉ ከቦታቸው ያልተነሱትን ለማየት ደግሞ ይህ ይበቃል። የስታተሱን ስም እንደራሳችሁ ቀይሩት።

```
status = "In Progress" AND NOT status CHANGED AFTER -7d
```

ሰላም፣ ይህን ከነገ ጠዋቱ ስብሰባ በፊት ሞክሪው። ከ14ቱ ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው ብዬ እገምታለሁ።

ሰላም_ፕሮጀክት

ሞከርኩት። ከ14ቱ ዘጠኙ ወጡ። አራቱን ማንም አሁን እየነካቸው አይደለም። «ጀምሬው ነበር፣ ከዚያ ሌላ አስቸኳይ መጣ» ነው መልሱ። እነዚህን ወደ «ዝግጁ» ልመልሳቸው ወይስ እዚያው ይቆዩ?

ፍሰት

ገና ምንም ያልተሠራባቸውን መልሺ። ጥቂት ኮድ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ የብራንቹ ስም ካርዱ ላይ ይጻፍና ይመለስ። ግማሽ የደረሰውን ግን አትመልሺ፣ ሰው መድቢና አስጨርሺ። ወደ 11 ለመውረድ በአንድ ቀን መቁረጥ አያስፈልግም። ለጊዜው እንደ በፊቱ አዲስ መሳብ አቁሙ። ሁለት ሲያልቅ አንድ ብቻ ይግባ፣ ቁጥሩ ገደቡ ላይ እስኪደርስ ድረስ።

ጋሽ_አታሚ

ልጆች፣ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም። ማተሚያ ቤት ነው ያለኝ። የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ ደረሰኝ እናትማለን። ልጄ ግድግዳ ላይ ይህን ሰሌዳ ሠርታልኝ እጠቀምበታለሁ። ዲዛይን፣ ማጽደቅ፣ ኅትመት፣ ቆረጣ።

የእኔ ችግር ደንበኛው ነው። ዲዛይኑን በቴሌግራም እንልክለታለን፣ «እሺ አየዋለሁ» ይልና ይጠፋል። ማጽደቅ ላይ ገደብ 6 አድርገን ነበር። ስድስቱም ደንበኛ የጠፋባቸው ሆኑና ዲዛይነሬን አዲስ እንዳይጀምር ከለከልነው። በሩ ላይ ገንዘብ ይዞ የቆመ ሰው እያለ! ይህማ ንግድ አይደለም። እንዲህ ሲሆን የቆሙትን ከቁጥር ማውጣት አይሻልም ወይ?

ፍሰት

ጋሼ፣ እኔ ከቁጥር ባይወጡ እላለሁ። ከወጡ በኋላ ማን ይከታተላቸዋል? ዲዛይኑ አልቋል፣ ቅድመ ክፍያ ተቀብለዋል፣ ግን ሥራው የትም አልደረሰም። ሰሌዳው ሲሞላ አንድ ሰው ስልክ እንዲያነሣ ያስገድዳል። ገደቡ የተፈለገውም ለዚህ ነው።

ማኅደር_ኪውኤ

ፍሰት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ቡድኑ ውስጥ የቆመውን ሥራ ቡድኑ ሊፈታው ይችላል። የሠርግ ጥሪ የሚያሳትም ሰው ሐሳቡን እስኪወስን ግን ጋሼ ምን ያድርጉ? «ደንበኛ ዘንድ» የሚል የተለየ አምድ ይኑራቸው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ የሚደወልበት ቀን ይጻፍ። ቀኑ ካለፈና መልስ ከሌለ ሥራው ይሰረዝና ደንበኛው ሲመለስ እንደ አዲስ ይሰለፍ።

ጋሽ_አታሚ

የማኅደር ይቀናኛል። ስረዛው ግን ከባድ ነው፣ ሠርግ ነው እኮ፣ ቀኑ አይገፋም። ቅድሚያ ከፍለው የጠፉትን ሰርዤ በሠርጉ ሳምንት ሲመጡ ምን ልበላቸው? ለማንኛውም የሚደወልበትን ቀን መጻፉን ነገ እጀምረዋለሁ። እግዜር ይስጣችሁ።

ፍሰት

የተለየ አምድ ከሆነም ጋሼ፣ እሱም ቁጥር ይኑረው። ሰፋ ይበል፣ 10ም ይሁን። ገደብ የሌለው የመጠበቂያ አምድ ውሎ አድሮ ሥራ የሚረሳበት ቦታ ይሆናል። ይህን ብዙ ቡድን ውስጥ አይቻለሁ።

ቢኒ_ዴቭ

ያለፈውን ሳምንት «ሪቪው» ላይ ገደብ 4 አደረግን። ሁለቱ ሲኒየሮች ብቻ የሚለውንም አነሣን፣ ማንም ያነብባል፣ ሲኒየር የሚፈለገው የክፍያና የመግቢያ ኮድ ሲነካ ብቻ ነው። 11 የነበረው 4 ሆኗል። ያልገመትኩት ነገር ቢኖር ልጆቹ ትንንሽ ለውጥ መላክ መጀመራቸው ነው። ትልቅ ለውጥ ማንም ቶሎ አያነብም፣ ካልተነበበ ደግሞ እጁ ላይ ይቆያል።

ሰላም_ፕሮጀክት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጀመርን ከወር በላይ ሆኖናል፣ የደረስንበትን ልንገራችሁ።

አሁን የተጀመረው 12 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልቀው ብዛት ምንም አልጨመረም፣ 4 ወይም 5 እንደነበረ ነው። አለቃዬ «ታዲያ ምን ጠቀመን?» አለኝ። የስድስት ሳምንቱን ስሌት አሳየሁት፣ ከዚያ በኋላ የተጀመሩት ካርዶች ስንት ቀን እንደፈጁም አሳየሁት። አብዛኞቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወጥተዋል። ደንበኛው ራሱ ደውሎ ስላመሰገነ ክርክሩ ቀለለኝ። ሰሞኑን 6 ያለቀበት ሳምንት አለ። ምክንያቱ ይመስለኛል ሁለቱ ዴቨሎፐሮች የቴስተሩን ተደጋጋሚ ፍተሻ በኮድ ስለጻፉለት ነው። ሥራ ፈትተው በቆሙበት ሰዓት የሠሩት ነው።

ያልተፈቱልኝ ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሞባይሉ ልጅ ነው። ብቻውን ነው፣ የሱን ኮድ የሚያነብለት የለም፣ እሱም የድሩን ማንበብ ይከብደዋል። «ሪቪው» ሲሞላ በአብዛኛው የሱ ካርዶች ናቸው።

ሁለተኛው አለቃዬ ነው። ለአስቸኳይ ሥራ ከላይ አንድ መስመር ከፍተናል፣ ገደቡ 1፣ ከሌሎቹ ገደቦች ውጭ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ አስቸኳይ ሳያልቅ ሁለተኛ አመጣ። «ሁለቱም አስቸኳይ ናቸው» አለኝ።

ዳዊት_ሲያትል

ለሞባይሉ ልጅ፦ የድሩ አንድ ዴቨሎፐር ከሱ ጋር አንድ ካርድ አብሮ ይሥራ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ይዘገያሉ፣ ያንን አለቃሽ ከአሁኑ ይወቀው። ገደቡን ለሱ ብቻ ከፍ ማድረግ ግን መፍትሔ አይመስለኝም።

ሮቤል_ጂራ

እኔ ደግሞ ለሞባይል የተለየ ረድፍ ባደርግለት ይሻላል ባይ ነኝ። የድሩን ልጅ ሞባይል ለማስተማር ወራት ነው የሚፈጀው። አንድ ሰው ያለበት ሙያ በሌሎቹ ገደብ ውስጥ ተጨምሮ ሌላውን ማቆም የለበትም።

ፍሰት

በሞባይሉ ላይ ሁለታችሁም ምክንያት አላችሁ። እኔ ወደ ዳዊት አደላለሁ፣ ምክንያቱም ያ ልጅ ፈቃድ በወጣ ቀን የሮቤል ረድፍ በሙሉ ይቆማል።

ለአለቃሽ ደግሞ፣ ሰላም፣ አትከራከሪው። ቦርዱ ፊት አብራችሁ ቁሙና «የትኛው ይቁም?» ብለሽ ጠይቂው። ሁለተኛው ይግባ ካለ የመጀመሪያው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ተራ ካርድ ይውረድ፣ በራሱ እጅ ያውርደው። በየሳምንቱ ስንት ካርድ በአስቸኳይ መስመር እንዳለፈም ጻፊ። ካለቁት ግማሹ በዚያ ካለፉ የቀሩት ካርዶች አማካይ ጊዜ ምን ያህል እንደጨመረ ቁጥሩን ይዘሽ ታወሪዋለሽ።

ሰላም_ፕሮጀክት

ሰኞ ስብሰባ አለን፣ እዚያ እጠይቀዋለሁ። የሞባይሉን ጉዳይ ለራሱ ለልጁ ላቅርብለት፣ የሚለውን እጽፍላችኋለሁ።